«ጡትሽ ዴንስ ነው» ከተባለ በኋላ የሚሠሩ ስህተቶች

ማሞግራፊ የሚባለው የጡት ኤክስሬይ የታዘዘላት ሴት ከለገጣፎ ታክሲ ይዛ መገናኛ ትወርዳለች፤ ከዚያ ደግሞ ሌላ ታክሲ ይዛ ወደ መሀል ከተማ ትዘልቃለች። አልትራሳውንድ ግን እዚሁ ሰፈር ያለ ክሊኒክም ይሠራላታል። ይህ የርቀት ልዩነት ነገሩን ምን ያህል እንደሚያበላሸው ቆየት ብዬ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ወረቀቱን እንይ። ውጤቱ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ይሰጣታል። ቤት ስትደርስ ልጇ ታነብላታለች። «እማዬ፣ ዴንሲቲ ሲ ይላል።» ሲ ምንድን ነው? ጎረቤት ይጠየቃል፣ ቴሌግራም ይፈተሻል፣ ውጭ አገር ያለች እህት ይደወልላታል።

እኔ የምውለው ራዲዮሎጂ ክፍል ነው። የምኖረውም እዚሁ ከከተማው ዳር ስለሆነ ወረቀቱ ብዙ ጊዜ እኔም ጋ ይመጣል። የሚሠሩት ስህተቶች ተመሳሳይ ናቸው። አንዳንዱ ያስደነግጣል እንጂ አይጎዳም። አንዳንዱ ግን ካንሰሩ እያለ «ነጻ ነኝ» አስብሎ ወራት ያስባክናል።

1. ፊደሉን ከበሽታው ጋር ማምታታት

የማሞግራፊ ውጤት ላይ ሁለት ነገር ይጻፋል፤ ፊደልና ቁጥር። ሁለቱም የመጡት ባይራድስ ከሚባለው የአሜሪካ ራዲዮሎጂ ኮሌጅ የአጻጻፍ ሥርዓት ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ተጠጋግተው ይገኛሉ፤ ሰውም አንድ ያደርጋቸዋል።

ፊደሉ ጡቱ ከምን እንደተሠራ ይናገራል። ጡት ውስጥ ስብ አለ፤ የወተት እጢዎች፣ ቱቦዎችና እነሱን ደግፎ የያዘ ጅማት መሰል ሕብረ ህዋስም አለ። ኤ ማለት ጡቱ ከሞላ ጎደል ስብ ነው። ቢ ማለት እዚህም እዚያም የተበተነ እጢ አለ፣ አብዛኛው ግን ስብ ነው። ሲ ማለት ብዙው ክፍል ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ትንንሽ ነገር ሊሸፈን ይችላል። ዲ ማለት ጡቱ በጣም ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ማሞግራፊው በደንብ ማየት ይቸግረዋል። «ዴንስ» የሚባሉት ሲ እና ዲ ናቸው።

ቁጥሩ ደግሞ ምን እንደተገኘ ይናገራል። 1 ምንም የለም ነው። 2 የሆነ ነገር አለ፣ ግን ጉዳት የሌለው ነው። 3 ጉዳት የሌለው ይመስላል፣ በ6 ወር ይታይ ነው። 4 እና 5 ናሙና ይወሰድ የሚያስብሉ ናቸው። 6 ካንሰርነቱ በናሙና ቀድሞ ለተረጋገጠ ነው። 0 ብዙ ሰው ያስደነግጣል፤ ትርጉሙ ግን «ገና አልጨረስንም፣ ተጨማሪ ምስል እንፈልጋለን» ብቻ ነው።

ስለዚህ «ሲ፣ ባይራድስ 1» የሚል ወረቀት የያዘች ሴት የተነገራት ይህ ነው፦ ጡትሽ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ በታየን መጠን ችግር አላገኘንም። «በታየን መጠን» የምትለዋን ያዙልኝ። ዋናው ነገር እሷ ናት።

ሲ መሆን ብርቅም አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ማሞግራፊ ከሚነሱ 100 ሴቶች 10 ያህሉ ኤ፣ 40 ያህሉ ቢ፣ 40 ያህሉ ሲ፣ 10 ያህሉ ዲ ናቸው። ግማሹ ሰው ዴንስ ነው ማለት ነው። አሜሪካ ያለችው እህት «እኔም ደብዳቤ ደርሶኛል» የምትለው ለዚህ ነው፤ ከመስከረም 2024 ወዲህ እዚያ ማሞግራፊ የሚያነሳ ተቋም ሁሉ ጡቷ ዴንስ ይሁን አይሁን ለሴትየዋ በጽሑፍ የማሳወቅ ግዴታ አለበት።

ፊደሉ ለካንሰር የመጋለጥ ነገርም በውስጡ አለው። ዲ የሆነች ሴት ከአማካይዋ ሴት ጋር ስትነጻጸር የመያዝ ዕድሏ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ሲ ላይ ግን ልዩነቱ ትንሽ ነው። ያም ሆኖ ይህ ዕድል ነው እንጂ ምርመራ አይደለም፤ ፊደሉን አይቶ «ካንሰር ጀምሯታል» ማለት አይቻልም።

2. በእጅ ነክቶ መገመት

«የኔ ጠንካራ ነው፣ ዴንስ መሆን አለበት።» «የኔማ ትንሽ ነው፣ ምን ዴንስ ይሆናል?» ሁለቱም አያስኬድም። ጥግግቱ የሚታወቀው በማሞግራፊ ምስል ላይ ብቻ ነው። ለስላሳ ጡት ዲ ሊሆን ይችላል፤ ጎርበጥበጥ የሚል ጡት ቢ ሊሆን ይችላል። መጠኑም አይናገርም። ልምድ ያለው ሐኪም እንኳ በእጁ ዳስሶ ፊደሉን ሊነግርዎ አይችልም። ቢሞክርም አይመኑት።

3. «ማሞግራፊዬ ነጻ ነው» ብሎ በእጅ የሚዳሰስን እብጠት መተው

ከሁሉም ከባዱ ይሄ ነው። አገራችን ውስጥ ጤነኛ ሴቶች በየጊዜው እየተጠሩ ማሞግራፊ የሚነሱበት አሠራር የለም። ወደኛ የምትመጣው ሴት አብዛኛውን ጊዜ የሆነ ነገር ተሰምቷት ነው። እብጠት ይዛ፣ ወይም ከጡት ጫፍ ፈሳሽ ወጥቶባት። እንዲህ ላለችው ሴት «ነጻ» የሚል ወረቀት የፍተሻው ማብቂያ አይደለም። ጡቷ ዴንስ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይደለም።

ለምን እንደሆነ ላስረዳ። ማሞግራፊ ኤክስሬይ ነው። ጡቱ በሁለት ሰሌዳ መካከል ተጨፍልቆ፣ አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዱ ጡት ሁለት ሁለት ጊዜ ይነሳል፤ አንዴ ከላይ ወደታች፣ አንዴ በሰያፍ። ስብ ጨረሩን በቀላሉ ያሳልፋል፣ ምስሉ ላይ ጠቆር ይላል። እጢውና ደጋፊው ሕብረ ህዋስ ጨረሩን ይይዛል፣ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ችግሩ ካንሰርም ነጭ ሆኖ መውጣቱ ነው። ስብ በበዛበት ጡት ውስጥ ካንሰሩ በጥቁር መደብ ላይ ቁልጭ ይላል። ዴንስ ጡት ውስጥ ግን ነጭ ጋቢ ላይ እንደወደቀ ጥጥ ነው፤ አለ፣ ግን አይለይም።

ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የተሠራ ትልቅ ጥናት እንዳሳየው፣ ጡታቸው ስብ ከሆነ ሴቶች ማሞግራፊ ከ100 ካንሰር 87 ያህሉን ያገኛል። በጣም ዴንስ ከሆኑት ግን 63 ያህሉን ብቻ። ከሦስቱ አንዱ አመለጠ ማለት ነው። ጥፋቱ የማሽኑ ወይም የአንባቢው ላይሆን ይችላል፤ ነጭ ነገር ነጭ ነገር ላይ ተደርቦ ነው።

አልትራሳውንድ እዚህ ጋ ይጠቅማል። የሚሠራው በድምፅ ሞገድ እንጂ በጨረር ስላልሆነ ቀለሙ ይለያል። በአልትራሳውንድ ምስል ላይ እጢው ነጣ ይላል፤ አብዛኛው ካንሰር ግን ጠቆር ብሎ ይወጣል። ማሞግራፊ ላይ ተመሳስለው የነበሩት ሁለቱ እዚህ ይለያያሉ። ሌላም ጥቅም አለው፤ ውሃ የቋጠረ ከረጢትን ከጠጣር እብጠት ይለያል። ማሞግራፊ ብቻውን ይህን አይችልም፤ ሁለቱንም ክብ ነጭ ነገር አድርጎ ነው የሚያሳያቸው።

አሁን አንድ ሁኔታ ደረጃ በደረጃ እንከተል። እንበል የ46 ዓመት እናት ናት። ግራ ጡቷ ላይ፣ በላይኛው ውጪኛ በኩል፣ ባቄላ የምታህል ጠጠር ያለች ነገር አግኝታለች። አያማትም። ጤና ጣቢያ ሄደች፣ ማሞግራፊ ታዘዘላት፣ መሀል ከተማ ሄዳ ተነሳች። ውጤት፦ ሲ፣ ባይራድስ 1። ቤተሰቡ ተደሰተ። እሷም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

የተሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ያነሳት ባለሙያ እብጠቱ እንዳለ ተነግሮት ቢሆን ኖሮ ቦታው ላይ ምልክት ለጥፎ ያነሳ ነበር፤ አንባቢውም ቦታውን አተኩሮ ያየው ነበር። የማዘዣው ወረቀት ላይ ግን «ለምርመራ» ብቻ ነው የተጻፈው። ስለ እብጠቱ ያወቀ ሰው አልነበረም። ማሞግራፊ ክፍል ስትገቡ ማንም ባይጠይቃችሁም «እዚህ ጋ እብጠት አለኝ» ብላችሁ በጣታችሁ አሳዩ።

ትክክለኛው መንገድ ይሄ ነው። ዕድሜዋ ከ40 በላይ ነው፣ የሚዳሰስ እብጠት አለ። እንዲህ ከሆነ ማሞግራፊና በቦታው ላይ ያተኮረ አልትራሳውንድ አንድ ላይ ይሠራሉ፤ ማሞግራፊው ምንም ቢል፣ ፊደሉ ኤም ይሁን ዲ። አልትራሳውንድ የምትሠራላት ሐኪም «እናቴ፣ እብጠቱን በጣትዎ ያሳዩኝ» ብላ ትጀምራለች። ፕሮቡን እዚያው ታሳርፋለች። ምስሉ ላይ 14 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ጠቆር ያለ፣ ጠርዙ ያልተስተካከለ፣ ከወርዱ ይልቅ ወደ ውስጥ ቁመቱ የሚበልጥ ነገር ይታያል። ይህ የመጨረሻው ምልክት ትልቅ ትርጉም አለው። ጉዳት የሌላቸው እብጠቶች አብዛኛውን ጊዜ በሕብረ ህዋሱ አቅጣጫ ጋደም ብለው ያድጋሉ፤ አቅጣጫውን አቋርጦ ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር ግን ያጠራጥራል። ሐኪሟ ብብትም ታያለች፤ ያበጠ ንፍፊት እንዳለ ለማወቅ። ውጤቱ ባይራድስ 4 ይሆናል። ቀጥሎ ቦታው ይደነዝዛል፣ በአልትራሳውንድ እየታየ በወፍራም መርፌ ናሙና ይወሰዳል። ካንሰር ይሁን አይሁን የሚለየው ናሙናው ነው።

አልትራሳውንዱም ምንም ካላሳየስ? እብጠቱ ለሐኪም እጅ አጠራጣሪ ከሆነ ያኔም አይተውም፤ ሐኪሙ በዳሰሰው ላይ ተመርኩዞ ናሙና ያስወስዳል። ምስል የሐኪምን እጅ አይሽርም።

4. ማሞግራፊውን ትቶ ሰፈር ያለውን አልትራሳውንድ ብቻ መነሳት

ቅድም የተውኩት የርቀት ጉዳይ እዚህ ጋ ይመጣል። «አልትራሳውንድ ዴንስ ጡትን በደንብ ያያል ካልክ ለምን መሀል ከተማ ድረስ እንከራተታለን?» ይሉኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጨረር የለውም፣ አይጨፈልቅም፣ ቅርብ ነው።

ግን አልትራሳውንድ በደንብ የማያየው ነገር አለ። አንዳንድ ካንሰር በመጀመሪያ ደረጃው እብጠት የለውም፤ በወተት ቱቦ ውስጥ እንዳለ የሚተዋቸው የካልሲየም ቅንጣቶች ብቻ ናቸው ምልክቱ። እነዚህ ቅንጣቶች ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሱ ናቸው። ማሞግራፊ ላይ እንደ ተበተነ ጨው ነጭ ነጥብ ሆነው ይታያሉ። አልትራሳውንድ ላይ ብዙ ጊዜ ጭራሽ አይታዩም። ስለዚህ ማሞግራፊ ዘሎ አልትራሳውንድ ብቻ የተነሳች የ50 ዓመት ሴት ይህን ዓይነቱን ካንሰር ሊያገኝላት የሚችለውን መሣሪያ ትታዋለች። አልትራሳውንዱ የሚጨመረው በማሞግራፊው ላይ ነው፤ ቦታውን አይተካም።

በነገራችን ላይ፣ ማሞግራፊ የሚነሱ ቀን ዲዮድራንትና ዱቄት ብብትዎን አይቀቡ። ብዙው ዲዮድራንት ውስጥ አሉሚኒየም አለ፤ ምስሉ ላይ ቁርጥ እነዚያን የካልሲየም ቅንጣቶች መስሎ ይወጣል። ከለገጣፎ ድረስ መጥቶ «ታጥበሽ እንደገና እንነሳ» መባል ያናድዳል።

ሌላው ነገር፣ አልትራሳውንድ በእጅ የሚሠራ ነው። ማሞግራፊ ጡቱን ሙሉውን ያነሳል፤ ምስሉ ይቀመጣል፣ ሌላ ሐኪም ነገ ሊያነበው ይችላል። አልትራሳውንድ ግን ፕሮቡ ያላለፈበት ቦታ አልታየም። ሁለቱን ጡት በሙሉ በጥንቃቄ ለማየት ጊዜ ይፈልጋል። ነፍሰ ጡሮች ተደርድረው በሚጠብቁበት ክሊኒክ በ3 ደቂቃ የተሠራ «የጡት አልትራሳውንድ» ምን ያህል እንዳየ እናንተው ፍረዱ። ስለ ጡት የሰለጠነ ሰው መሆኑን፣ ማሽኑም ለቆዳ ቅርብ የሆነን ነገር ለማየት የሚሆን ፕሮብ እንዳለው መጠየቅ ነውር አይደለም። የሆድ ዕቃ የሚታይበት ጎበጥ ያለው ፕሮብ ለጡት አይሆንም፤ ለጡት የሚያገለግለው ቀጥ ያለ ፊት ያለው ነው።

ደንቡ የማይሠራበት ቦታም አለ። ዕድሜዋ ከ30 በታች የሆነች ወጣት እብጠት ካገኘች አልትራሳውንድ ይቀድማል። ነፍሰ ጡርም ብዙ ጊዜ እንደዚሁ ናት። በዚያ ዕድሜ ጡት በአብዛኛው ዴንስ ስለሆነ ማሞግራፊ ብዙ አይጠቅምም። ከ30 እስከ 39 ያለችው ሴት በአንዱም በሌላውም ልትጀምር ትችላለች፤ ሐኪሟ ይወስን።

5. ሲ የተባለ ሁሉ አልትራሳውንድ አለበት ብሎ ማሰብ

ከላይ ያለውን ያነበበች ሴት «እንግዲያው ዴንስ የሆነ ሁሉ ይጨመርለት» ልትል ትችላለች። ነገሩ እንዲያ ቀላል ቢሆን ኖሮ በዓለም ላይ ሁሉም አገር አንድ ዓይነት መመሪያ ይኖረው ነበር። የለውም። እብጠት ሳይኖራት፣ ለጥንቃቄ ብቻ ማሞግራፊ ተነስታ ሲ የሆነች ሴት ጉዳይ ላይ ባለሙያዎች እስካሁን ይከራከራሉ። የአሜሪካ የመከላከል አገልግሎቶች ግብረ ኃይል በ2024 ባወጣው ምክር፣ ዴንስ ለሆኑ ሴቶች ተጨማሪ አልትራሳውንድ ይጠቅማል ወይም አይጠቅምም ለማለት ማስረጃው አልበቃኝም ብሏል።

ክርክሩ ከየት እንደመጣ ለማየት ጃፓን የተሠራውን ጥናት ልጥቀስ። ከ40 እስከ 49 ዓመት የሆኑ ከ70 ሺህ በላይ ሴቶች ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ማሞግራፊ ብቻ፣ ግማሾቹ ማሞግራፊና አልትራሳውንድ ተነሱ። ውጤቱ በ2016 ታተመ። ማሞግራፊ ብቻ የተነሱት ውስጥ ከ1000 ሴቶች በ3 ያህሉ ካንሰር ተገኘ። ሁለቱንም የተነሱት ውስጥ ከ1000 በ5 ያህሉ። ለ1000 ሴት ሁለት ተጨማሪ ካንሰር ቀድሞ ተገኘ ማለት ነው። ለእነዚያ ሁለት ሴቶች ትልቅ ነገር ነው።

ሌላውም ጎን ይታይ። ካንሰር ሳይኖራቸው «ይጣራ» ተብለው የተጠሩት ማሞግራፊ ብቻ ከተነሱት ከ100 ወደ 9 ናቸው፤ ሁለቱንም ከተነሱት ግን ከ100 ወደ 12። አሜሪካ ውስጥ፣ ዴንስ የሆኑና ተጨማሪ ስጋት ያለባቸው ሴቶች ላይ በተሠራ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ አልትራሳውንድ ብቻ አይቶት ከተወሰደ ናሙና ከ10ሩ 9 ያህሉ ካንሰር አልነበረም። ናሙና መውሰድ ቀላል ነገር ቢመስልም ከዳር ላለ ሰው ሌላ ነው። አንድ ቀን ለመርፌው፣ አንድ ቀን ለውጤቱ፣ የታክሲው፣ የሥራው፣ እንቅልፍ አልባው ሌሊት። ጥቅምም ጉዳትም አለው ስል ይህን ነው።

ታዲያ መቼ ይታሰብ? እኔ ሲጠይቁኝ ሦስት ሴቶችን ለይቼ አስባለሁ።

የመጀመሪያዋ የ48 ዓመት ናት፣ ሲ ነች፣ የሚዳሰስ ነገር የላትም፣ በቤተሰቧም የጡት ካንሰር የለም። ለእሷ ማሞግራፊውን በሐኪሟ ምክር በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ መድገም ዋናው ነው። አልትራሳውንድ ልትጨምር ብትፈልግ ጥፋት አይደለም፤ «ነገር ያልሆነ ነገር» ሊገኝ እንደሚችል አውቃ ትግባበት።

ሁለተኛዋ ዲ ነች። ወይም ሲ ሆና እናቷ ወይም እህቷ የጡት ካንሰር ነበረባት። ወይም ራሷ ከዚህ በፊት በናሙና «ያልተለመደ ሴል» ተብላለች። እዚህ ጋ ተጨማሪ አልትራሳውንድ የሚሰጠው ጥቅም ሚዛኑን እየደፋ ይመጣል፤ እኔም «ሐኪምሽን ጠይቂው» እላለሁ። አውሮፓ ውስጥ የጡት ምስል ባለሙያዎች ማኅበር ከ50 እስከ 70 ዓመት ላሉ ዲ ሴቶች ከአልትራሳውንድ ይልቅ ኤምአርአይ ነው የሚመክረው፤ ኤምአርአይ በሌለበት አልትራሳውንድ ከማሞግራፊ ጋር እንደ አማራጭ ይታያል። እኛ ጋ ለጡት የሚሆን ኤምአርአይ እንደልብ የሚገኝ ነገር ስላልሆነ ውይይቱ አብዛኛውን ጊዜ አልትራሳውንድ ላይ ያልቃል።

ሦስተኛዋ እብጠት ያላት፣ ወይም ከጡት ጫፍ ደም የተቀላቀለበት ፈሳሽ የሚወጣባት፣ ወይም ቆዳዋ የጎደጎደ ናት። ለእሷ ጥያቄው «ተጨማሪ ይሠራ ወይስ አይሠራ» አይደለም። ይሠራል። ፊደሉን መመልከትም አያስፈልግም። ይህችን ሴት ከመጀመሪያዋ ጋር ቀላቅሎ «ክርክር ስላለበት ይቆይ» ማለት ትልቅ በደል ነው።

ሁሉም በአንድ ሚዛን የሚመዘኑ ሲመስላቸው ነው ሰፈር ውስጥ የሚጋጩት። አንዷ «ለእኔ ሐኪሙ አያስፈልግሽም አለኝ» ትላለች፤ ሌላዋ «ለእኔ ነገውኑ አለኝ» ትላለች። ሁለቱም ሐኪሞች ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ።

6. ባዶ እጅ ወደ አልትራሳውንድ መሄድ

የማሞግራፊ ውጤት ሲሰጥዎ ወረቀቱን ብቻ ይዘው አይውጡ። ፊልሙን ወይም ሲዲውን ይጠይቁ። ያንን ይዘው ነው ወደ አልትራሳውንድ የሚሄዱት። አልትራሳውንድ የሚሠራው ሐኪም ማሞግራፊው ላይ ነጭ የበዛበት ወይም የተለየ ነገር ያለበት ቦታ የት እንደሆነ ካየ እዚያ ላይ ጊዜ ይወስዳል። ካላየ ግን በጨለማ ነው የሚፈልገው።

የአልትራሳውንዱም ውጤት ቦታ መጥቀስ አለበት። ጥሩ ውጤት እንዲህ ዓይነት ነው፦ ግራ ጡት፣ 2 ሰዓት አቅጣጫ፣ ከጡት ጫፍ 5 ሴንቲ ሜትር፣ መጠን 14 ሚሊ ሜትር። ጡቱ እንደ ሰዓት ፊት ተቆጥሮ ነው፤ የፈረንጅ ወይ የሐበሻ ሰዓት ሳይሆን ሰዓቱ ላይ የተጻፈው 2 ቁጥር ያለበት ጎን ማለት ነው። «ግራ ጡት ላይ እብጠት አለ» ብቻ የሚል ውጤት ከስድስት ወር በኋላ ሌላ ሐኪም ሲያየው ያው እብጠት ይሁን አዲስ አይለይለትም። ቦታና መጠን የሌለበት ወረቀት ከሰጧችሁ ቁጭ ብላችሁ አስሞሉት። ይጨነቁ ይሆናል፤ ይጨነቁ።

አሮጌ ፊልምም አይጣልም። ከሦስት ዓመት በፊት የተነሳ ማሞግራፊ ካለ ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን ይቀመጣል። ዴንስ ጡት ውስጥ ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚያዘው በመልኩ ሳይሆን በለውጡ ነው፤ ዘንድሮ ያለ፣ አምና ያልነበረ ነጭ። አንባቢው አምናን ካላየ ዘንድሮን ብቻ ነው የሚያየው። ፍራሽ ስር የታጠፈ ፊልም ይሰነጠቃል፤ ቀጥ አድርጋችሁ ቁም ሳጥን ጀርባ አቁሙት።

7. ፊደሉን የዕድሜ ልክ ስም ማድረግ

አንዴ ሲ የተባለች ሴት ሁልጊዜ ሲ አይደለችም። ጥግግት ከዕድሜ ጋር፣ በተለይ የወር አበባ ከቆመ በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ሲያጠቡ ይጨምራል። ለማረጥ ምልክት የሚወሰድ የሆርሞን መድኃኒትም ሊጨምረው ይችላል። ክብደት ስትጨምሩ ስቡ ስለሚበዛ ፊደሉ ሊወርድ ይችላል፤ ከማረጥ በኋላ መወፈር ግን በራሱ ለጡት ካንሰር ስለሚያጋልጥ «ወፍሬ ፊደሌ ቢ ገባ» ብሎ መደሰት የለም። በምግብ ወይም በሻይ ቅጠል ጥግግትን እናወርዳለን የሚሉትን ደግሞ ዝም ብላችሁ እለፏቸው።

አንዳንዴ ደግሞ ምንም ሳይለወጥ ፊደሉ ይለወጣል። ቢ እና ሲ ጎረቤት ናቸው። አንዱን ፊልም አንድ ሐኪም ቢ፣ ሌላው ሲ ሊለው ይችላል፤ በዓይን ግምት ስለሚወሰን። አምና ቢ፣ ዘንድሮ ሲ ተብላችሁ ከሆነ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ሁለቱን ፊልም ጎን ለጎን አይታችኋል ወይ?» ብላችሁ ነው።